የአንገረብ ጭቃ፦ ሰባት ቀን፣ ስድስት ሃይላንድ

ይሄ ማስታወሻ የ2011 ክረምት ነው፣ ደብተሩን ሰሞኑን እቃ ስደረድር አግኝቼው ነው የምጽፈው። ያኔ የዓመት ፈቃዴን ይዤ ጎንደር አክስቴ ጋ ሄጄ ነበር። ሥራዬ የመጠጥ ውሃ ላብራቶሪ ውስጥ ነው፣ ሌላ ከተማ፣ ስለዚህ እረፍት ላይ ሆኜም የሰው ቤት ቧንቧ ከፍቼ ብርጭቆውን ወደ መስኮት ዘርግቼ የማየት አመል አለብኝ። ሰው ይስቅብኛል፣ ልማድ ነው ምን ላርግ።

ሰኞ ሐምሌ 8

ከሰዓት ገባሁ። ዝናቡ ሳምንቱን ሙሉ አላባራም አሉኝ። አክስቴ እግሬን እንኳን ሳላሳርፍ "ውሃ ዛሬ መጥታለች ቶሎ ቅዳ" ብለው ሁለት ቢጫ ጀሪካን አስያዙኝ፣ በፈረቃ ስለሆነ የመጣች ቀን ቤቱ ውስጥ ያለ እቃ ሁሉ ይሞላል፣ ባልዲው ድስቱ የቡና ጀበና ሳይቀር። ውሃዋ ስትመጣ መጀመሪያ አየር ታስነጥሳለች፣ ከዛ ቀላ ያለ ነገር፣ ከዛ እየጠራች ትሄዳለች ግን የሻይ ወተት የተጨመረባት የምትመስል ነገር አትለቃትም። የክሎሪን ሽታውም ጠንከር ያለ ነው።

"ክረምት ሲሆን እንዲህ ናት" አሉ አክስቴ። "በጋ ደግሞ ጭራሽ የለችም።"

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የያዘኝ። ክረምት ሞልቶ ደፍርሶ፣ በጋ ጎድሎ። ሁለት ችግር ይመስላል ግን ምንጩ አንድ፣ ከተራራው ታጥቦ የከተማዋ ውሃ የሚቀዳበት የአንገረብ ግድብ ውስጥ የሚገባው አፈር ሊሆን ይችላል ብዬ አሰብኩ። በርግጥ ቀላ ያለው የመጀመሪያው ውሃ ብዙ ጊዜ የቧንቧው ዝገትና መስመሩ ውስጥ የተኛ ዝቃጭ ነው፣ ውሃ ተቋርጦ ስትመለስ ግፊቱ ይነቅለዋል፣ እሱን ተራራው ላይ መላከክ አይቻልም። ከሩብ ሰዓት በኋላም የማይለቀው ነጣ ያለ ድፍርስ ግን ሌላ ነው። አንድ ሃይላንድ ሞላሁና ክዳኑ ላይ በማርከር 1 ብዬ ጻፍኩ፣ መስኮቱ ላይ አስቀመጥኩት። አክስቴ ምንም አላሉም ግን አስተያየታቸው "ይሄ ልጅ አሞታል" የሚል ነበር።

ማታ እንጀራ ሲጋገር ምድጃው ውስጥ የገባውን እንጨት አየሁት። ባህር ዛፍ፣ ጭራሮ፣ ትንሽ ኩበት። ከየት ነው የምትገዙት ስላቸው በአገጫቸው ወደ ሰሜን ምሥራቅ አሳዩኝ፣ "ከላይ ነዋ፣ ሴቶቹ ተሸክመው ያመጣሉ።" ግድቡም በዛው በኩል ነው ያለው። ያንን ልብ ያልኩት ግን በኋላ ነው።

ማክሰኞ ሐምሌ 9

ከበፊት የማውቀው አንድ የሙያ ጓደኛ ስላለ ግድቡንና ማጣሪያውን ለማየት ቻልኩ፣ ፎቶ ማንሳት ግን ክልክል።

አንገረብ የከተማዋን ምሥራቅ ይዞ የሚወርድ ወንዝ ነው፣ በምዕራብ በኩል ቀሃ አለ፣ ሁለቱ ከከተማ በታች ተገናኝተው ወደ መገጭ ይገባሉ፣ መገጭ ደግሞ ጣና ይደርሳል። ግድቡ የተጠናቀቀው በ1986 ዓ.ም. ገደማ ነው። ሲሠራ የመያዝ አቅሙ ወደ 5 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ ይጠጋ ነበር። ውሃ የሚያመጣለት ተፋሰስ ወደ 7,600 ሄክታር ነው፣ ማለትም 76 ካሬ ኪሎሜትር፣ ከተፋሰስ አንፃር ትንሽ ናት፣ ጠንካራ እግር ያለው ሰው በሁለት ቀን ዳር ዳሩን ይዞራታል።

ከግድቡ ጫፍ ቆመህ ስታየው ያምራል፣ ሐይቅ ነው። ጓደኛዬ ግን "ከዚህ አይደለም የምታየው" ብሎ ወደ መግቢያው፣ ወንዙ ወደሚገባበት ጭራ ወሰደኝ። እዛ ስንደርስ ሐይቁ አልቆ ሜዳ ሆኗል። ሳር የበቀለበት፣ ላም የምትግጥበት ሜዳ። "ይሄ ውሃ የሚተኛበት ነበር" አለኝ። ደለል ግድብ ውስጥ እንደ ሻይ ቅጠል መሃል ላይ አይዘቅጥም፣ ወንዙ ወደ ተኛ ውሃ ሲገባ ፍጥነቱ ስለሚሞት ከባዱን፣ አሸዋውንና ጠጠሩን እዛው በሩ ላይ ይጥለዋል፣ ቀለል ያለው ትንሽ ይገፋል፣ በጣም ደቃቁ ሸክላ ግን እስከ ግድቡ ግንብ ድረስ ይዋኛል፣ ውሃ መሳቢያው ያለው ደግሞ እዛ ነው።

ማታ ደብተሬ ላይ በእርሳስ ያሰላኋትን እዚህ ላስቀምጣት፣ የጥናት ቁጥር አይደለችም፣ የኔ የጣት ሒሳብ ናት። ከእያንዳንዱ ሄክታር በዓመት 10 ቶን አፈር ብቻ ግድቡ ይደርሳል እንበል። 7,600 ሄክታር በ10 ቶን 76,000 ቶን። የተኛ ደለል አንድ ሜትር ኩቡ 1.2 ቶን ቢመዝን ወደ 63,000 ሜትር ኩብ ይሆናል። በ25 ዓመት 1.6 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ገደማ፣ ከግድቡ ሲሦ ሊሞላ ምንም አልቀረው። የአክስቴ በጋ የሄደው እዚህ ነው ማለት ነው፣ መስከረም ላይ ግድቡ ሞልቶ ይፈሳል፣ ግን የሞላው ጎድጓዳ ሳህን ሳይሆን ዝርግ ሳህን ነው።

"ለምን አይቆፈርም?" ይላል ሰው ሁሉ፣ እኔም ብያለሁ። አንድ ሲኖትራክ 16 ሜትር ኩብ ይጭናል። የአንድ ዓመቱን 63,000 ለማውጣት ብቻ ወደ 4,000 ምልልስ፣ በዓልም እሑድም ሳይባል በየቀኑ አስራ አንድ መኪና። ያረጀውን ሳትነካ አዲስ የገባውን ብቻ! ያውም እርጥብ ጭቃ ነው፣ ግድቡን ካላደረቅከው መኪና አይገባም፣ ካደረቅከው ደግሞ ከተማው ምን ይጠጣል። የት ትደፋዋለህ የሚለው ራሱ አንድ ጥያቄ ነው፣ ተራራው ላይ መልሰህ አትቆልለው።

ከሰዓት ማጣሪያው ላብራቶሪ ገባን። ቤቴ የገባሁ ነው የመሰለኝ። ከግድቡ የመጣው ጥሬ ውሃ የድፍርስነት መለኪያው ላይ ሶስት አሃዝ ቁጥር አወጣ፣ ቤት ውስጥ የሚጠጣ ውሃ ደግሞ ከ5 በታች መሆን አለበት፣ ክሎሪኑ በደንብ እንዲሠራ ከተፈለገማ ከ1 በታች ቢሆን ይመረጣል። ስድስት ቢከር ተደርድሮ ሙከራው ሲሠራ አየሁ። ለማታውቁት፦ 10 ግራም አልሙኒየም ሰልፌት በአንድ ሊትር ውሃ ይበጠበጣል፣ ከዛ እያንዳንዱ አንድ ሊትር ጥሬ ውሃ የያዘ ቢከር ውስጥ 2፣ 3፣ 4፣ 5፣ 6፣ 7 ሚሊ ሊትር ይጨመራል፣ ማለትም ከ20 እስከ 70 ሚሊ ግራም። አንድ ደቂቃ በፍጥነት ይማሰላል፣ ከዛ ሃያ ደቂቃ ገደማ ቀስ ብሎ፣ ከዛ ግማሽ ሰዓት ይተዋል። ሸክላው ቅንጣት በሙሉ አንድ ዓይነት ኤሌክትሪክ ስለያዘ እርስ በርሱ ይገፋፋል እንጂ አይያያዝም፣ አልሙኒየሙ ያንን ሲሰብርለት እየተጣበቀ እንደ አይብ ፍርፋሪ ይሆንና ይወርዳል።

20 እና 30 የገባባቸው ምንም አልሆኑም። 40 ላይ ፍርፋሪው ጀመረ። 50 ላይ ጠራ፣ ከጀርባው ጋዜጣ ይነበባል። 70ው ግን ከ50ው የባሰ ደፈረሰ! አዲስ ሰው ይሄ ግራ ያጋባዋል፣ መድኃኒት ሲበዛ ቅንጣቶቹ በተቃራኒው ኤሌክትሪክ ተሞልተው እንደገና ይገፋፋሉ፣ በዛ ላይ ውሃው እየኮመጠጠ ይሄዳል፣ አልሙኒየም ውሃው ውስጥ ይቀራል። ስለዚህ "ዛሬ በጣም ደፍርሷል ጨምሩበት" በሚል ግምት አይሠራም፣ በየጎርፉ ሙከራው መደገም አለበት፣ ምክንያቱም የጠዋቱ ውሃና የከሰዓቱ ውሃ አንድ አይደሉም።

ዋጋውን ደሞ አስቡት። በቀን 5,000 ሜትር ኩብ የሚያጣራ ጣቢያ በሊትር 20 ሚሊ ግራም እየጨመረ ቢሠራ በቀን 100 ኪሎ አልሙኒየም ሰልፌት ይበላል፣ ባለ 50 ኪሎ ሁለት ከረጢት። በ50 ሚሊ ግራም አምስት ከረጢት። አሸዋ ማጣሪያው በጠራ ወቅት ቀን ሙሉ ከዛም በላይ ሳይታጠብ ይቆይ የነበረው በየጥቂት ሰዓቱ ይታፈናል፣ የሚታጠበው ደግሞ በተጣራ ውሃ ነው፣ ስለዚህ የተመረተው ውሃ ከፊሉ ጭቃ ለማጠብ ይሄዳል። ክረምት ላይ ግድቡ ሞልቶ ቧንቧ የሚቀጥነው አንዱ በዚህ ነው። አክስቴን ይሄን ላስረዳ ብዬ ነበር፣ እራት ላይ፣ ጅምሬን ሰምተው "ብላ" አሉኝ።

የግድቡን ጥሬ ውሃ ቀዳሁ፣ ቁጥር 2።

ረቡዕ ሐምሌ 10

ስምንት ሰዓት ላይ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ወረደ፣ አንድ ሰዓት እንኳን አልሞላም። እንዳባራ በባጃጅ ከግድቡ በላይ ወዳለው የወንዙ መግቢያ ሄድን። ሾፌሩ "ውሃ ለማየት ነው በዚህ ጭቃ?" አለና አስር ብር ጨመረብኝ።

ወንዙ ቡናማ አይደለም፣ ቀይ ጡብ ነው የሚመስለው። ድምፁ ራሱ የውሃ ድምፅ አይደለም፣ ድንጋይ ከድንጋይ ሲጋጭ ከታች ይሰማል። ጫፉ ላይ የእህል ገለባ፣ የጫማ ሶል፣ ኩበት፣ ሥሩ የተነቀለ ቁጥቋጦ። ሃይላንዱን በገመድ አስሬ ጣልኩት፣ ቁጥር 3። እዛው ቆሜ ሳየው በሁለት ደቂቃ ውስጥ ሥሩ አንድ ጣት አሸዋ ያዘ። በአንድ ሰዓት ሌላ ለስላሳ ንጣፍ ጨመረ። ከዛ በላይ ያለው ግን ቀይ እንደሆነ ቀረ።

ይሄ የቅንጣት መጠን ጉዳይ ነው። ደቃቅ አሸዋ፣ የሚሊ ሜትር አንድ አስረኛ የሚሆነው፣ በተኛ ውሃ አንድ ሜትር ለመውረድ ሁለት ደቂቃ ገደማ ይበቃዋል። መጠኑ በአስር ሲቀንስ ፍጥነቱ በመቶ ነው የሚቀንሰው፣ ስለዚህ ከአሸዋው በአስር የሚያንሰው ለስላሳ ደለል ከሶስት ሰዓት በላይ ይወስድበታል፣ ከሱ በአስር የሚያንሰው ሸክላ ደግሞ ሁለት ሳምንት ገደማ፣ ያውም ንፋስ ካልነካው። ግድብ ላይ ደግሞ ንፋስ አለ። አሸዋው ግድቡን ይሞላል፣ ሸክላው ቧንቧ ድረስ ይመጣል። አንዱ በጋን ሲበላ ሌላው ክረምትን ያበላሻል።

ሐሙስ ሐምሌ 11

ወደ ላይ። በሚኒባስ ትንሽ፣ ከዛ በእግር። የአክስቴ ልጅ አብሮኝ መጣ፣ አዲስ ስኒከር አድርጎ፣ ስለ ስኒከሩ ከዚህ በላይ አልናገርም።

መንገድ ላይ እንጨት የተሸከሙ ሴቶች ሲወርዱ አገኘን፣ አጎንብሰው፣ ሸክሙ ከነሱ ይበልጣል። ባህር ዛፍ ነው፣ አንዳንዷ ቅጠሉን በጆንያ ይዛለች። አንድ ኮረብታ ሙሉ ባህር ዛፍ አየሁና ደስ አለኝ፣ ከሩቅ አረንጓዴ ነው፣ ውስጡ ስገባ ግን መሬቱ የተጠረገ ግቢ ይመስላል። ቅጠሉ ለማገዶ ተጠራርጓል፣ ሳር የለም፣ ሥሮቹ አፈር ሸሽቷቸው እንደ ጅማት ወጥተዋል። ዝናብን የሚያበርደው የዛፉ ቁመት አይደለም። ከፍ ካለ ዛፍ ተጠራቅሞ የሚወርድ ጠብታ ባዶ መሬት ካገኘ አፈሩን እንደ መዶሻ ይመታዋል፣ የተፈነከተው ደቃቅ አፈር የመሬቱን ቀዳዳ ይደፍናል፣ ከዛ ውሃው ወደ ውስጥ መግባቱን ትቶ ወደ ታች ይሮጣል። ትራሱ ሳርና የረገፈ ቅጠል ነው፣ እሱ ደግሞ ከተማ ወርዶ እንጀራ ይጋግራል። የአክስቴ ምድጃ ትዝ አለችኝ።

ከዛ በላይ እርሻ ነው፣ እዚህ ተዳፋት ላይ ማን በሬ ያቆማል በሚያሰኝ ቦታ። አንድ ሽማግሌ ጤፍ ሊዘሩ ማሳቸውን ሲያለሰልሱ አገኘናቸውና እንደምን ዋሉ ብለን ተቀመጥን። ጠላ አስመጡልን።

"ስንቴ አረሱት አባቴ?"

"ይሄ አምስተኛው ነው። ጤፍ ካላለሰለስከው አይቀበልህም።"

ችግሩ እዚህ ነው ያለው፣ የሳቸው ስንፍና አይደለም፣ ጭራሽ ተቃራኒው። ጤፍ ደቃቅ ስለሆነች መሬቱ ዱቄት መሆን አለበት፣ የምትዘራው ደግሞ ሐምሌ ላይ ነው፣ ዝናቡ ከሁሉ ሲብስ። መሬቱ በጣም የለሰለሰበትና ምንም ያልሸፈነው ቀን፣ ዝናቡ በጣም ከሚመታበት ቀን ጋር ይገጣጠማል። ለዛ ነው ደጋው ላይ ወንዞች በጣም የሚደፈርሱት ክረምቱ ሲገባ፣ ሰኔ መጨረሻና ሐምሌ፣ ነሐሴ መጨረሻ ላይ ወንዙ ሞልቶም ቢሆን ጠራ ይላል፣ ቡቃያው መሬቱን ስለሚይዘው። ውሃ ማጣሪያ ላይ የምንሠራ ሰዎች ይሄንን በመድኃኒት መጋዘናችን እናውቀዋለን፣ ከረጢቱ የሚያልቀው ሐምሌ ነው።

በማሳቸው ላይ አግድም የወረዱ ቦዮች አሉ፣ ፈሰስ ይሏቸዋል፣ ውሃ እንዳይተኛና ዘሩ እንዳይበሰብስ በሬ ጠምደው በማረሻ የሚያወጧቸው። ብልህ ነገር ነው ለማሳው። ግን የሳቸው ፈሰስ ጎረቤታቸው ድንበር ላይ ይወጣል፣ የጎረቤታቸው ከሱ ጋር ይቀላቀላል፣ ከታች አንድ ላይ ሆኖ ቦረቦር ይሆናል።

ሀንስ ሁርኒ የሚባል የስዊስ ተመራማሪ በ1980ዎቹ ኢትዮጵያ ውስጥ ይሠራ የነበረ፣ የታረሰ መሬት በአማካይ በሄክታር በዓመት 42 ቶን አፈር ያጣል ብሎ ገምቶ ነበር (ዓመቱን በፈረንጅ ነው ያልኩት)። ይሄን ለሽማግሌው በሄክታር ብነግራቸው ትርጉም የለውም፣ በጥማድ ቀየርኩት፣ ጥማድ የሄክታር ሩብ ናት፣ ስለዚህ ከአንድ ጥማድ ወደ 100 ኩንታል አፈር። ትንሽ ዝም አሉና "ከሷ ላይ እኔ አራት ኩንታል ጤፍ ባገኝ ነው" አሉ። ማመናቸውን እንጃ፣ እኔ ብሆን አላምንም ነበር፣ 100 ኩንታሉ መሬቱ ላይ ሲዘረጋ ከ4 ሚሊ ሜትር አይሞላም፣ ሁለት ሳንቲም ቢደራረብ ነው፣ በዓይን አይታይም። ሁሉም ግድብ አይደርስም ደግሞ፣ ብዙው ከማሳ ጥግ፣ ከሳር ውስጥ፣ ከረባዳው ላይ ይቀራል፣ ለዛ ነው ሒሳቤ ላይ 10 ቶን ብቻ የወሰድኩት።

ከዛ ቦረቦሩን አሳዩን። ልጅ ሳሉ ዘለው ይሻገሩት ነበር፣ አሁን ቤት ይውጣል። ግድግዳው ላይ ከላይ ቀይ አፈር፣ ከታች ጥቁር ዋልካ ይታያል፣ ሥሩ እየራሰ ነው፣ ከግድግዳው ውሃ ይንጠባጠባል። እኔ ቆሜ ሳለሁ አንድ በር የሚያህል ቁራጭ ተገምሶ ወደቀ፣ ዝናብ ሳይኖር! ቦረቦርን የሚያሰፋው ከላይ የሚወርደው ጎርፍ ብቻ አይደለም፣ አፈሩ ውስጥ የተጠራቀመው ውሃ ግድግዳውን ከባድና ለስላሳ ያደርገዋልና በራሱ ክብደት ይናዳል፣ ጎርፉ መጥቶ የወደቀውን ይጠርጋል። ባህር ዳር አቅራቢያ ደብረ ማዊ ላይ በተደረጉ ጥናቶች ከማሳው ይልቅ ቦረቦሩ የበለጠ ደለል እንደሚያወጣ ተለክቷል። ይሄን ስታውቅ እርከን ብቻ ለምን እንደማይበቃ ይገባሃል። እዚህም ጥርና የካቲት ላይ ሕዝቡ ወጥቶ የሠራው እርከን አለ፣ ጥሩ የተሠራም አለ፣ ግን እርከኑ ሞልቶ የሚያፈሰው ቦረቦሩ ውስጥ ነው። ቦረቦሩ ውስጥ የተሠራ የድንጋይ ክትርም አየሁ፣ ድንጋዩ ቆሟል ውሃው ግን በጎኑ ዞሮ አዲስ መንገድ ቆፍሯል፣ ክንፎቹ ግድግዳው ውስጥ በደንብ ስላልገቡና መሃሉ ከጫፎቹ ዝቅ ስላልተደረገ ነው። እንደዛ ያለ ክትር ከሌለው ይብሳል።

"ከብት ካልገባበት ይድናል" አሉ ሽማግሌው ራሳቸው። "ግን ከብቴን የት ላርገው።" መልስ አልነበረኝም። ከፈሰሳቸው ቁጥር 4ን ሞላሁ።

ዓርብ ሐምሌ 12

ሚካኤል ስለሆነ አራሽ የለም፣ ሁሉም ቤተ ክርስቲያን ነው። እኛም እዛው መንደር ስላደርን ወጣን። ከሩቅ ሲታይ ኮረብታው ሁሉ የተላጨ ራስ ነው፣ ቤተ ክርስቲያኑ ብቻ ቁንጮ። ጥድ፣ ወይራ፣ ኮሶ፣ አንድ ትልቅ ዋንዛ። ተራራው በፊት ምን እንደነበረ የሚናገር እሱ ብቻ ነው የቀረው።

ቅዳሴው ሲያልቅ ዝናብ መጣና ዋንዛው ሥር ተጠለልን። መሬቱን በእጄ ጫርኩት፣ አንድ ስንዝር ቅጠልና ሥር ካለፍኩ በኋላ ነው አፈር ያገኘሁት፣ ጥቁር፣ ፍርፍር የሚል፣ ትል ያለበት። ዝናቡ ይወርዳል፣ የሚሮጥ ውሃ ግን የለም። ከቅጥሩ ውጪ ሃያ እርምጃ ሄጄ ሳየው መንገዱ ወንዝ ሆኗል። ዝናቡ አንድ፣ ተዳፋቱ አንድ፣ አፈሩም ጥንት አንድ የነበረ። ከቅጥሩ በታች ትንሽ ምንጭ አለች፣ ጠበል ነው ይላሉ፣ በጋም አትደርቅም አሉኝ። አስፈቅጄ ቁጥር 5ን ሞላሁ።

ለአክስቴ ልጅ ይሄን ሳሳየው "ታዲያ ቤተ ክርስቲያን እንብዛ" አለ። ስኒከሩን እያጠበ ነበር።

ቅዳሜ ሐምሌ 13

ወደ ታች ደግሞ። በአዘዞ አልፈን ደምቢያን አቋርጠን ጎርጎራ። ሜዳው ጥቁር ዋልካ ነው፣ መኪናው ሁለቴ ተያዘ፣ ገፋን። መገጭ ከግድቡ ያመለጠውን፣ የቀሃን፣ የከተማውንም ፍሳሽ ይዞ ነው እዚህ የሚደርሰው።

ጣና ዳር አንድ አሳ አስጋሪ በታንኳ ትንሽ ወሰደን። ከዳር ራቅ ብሎ ውሃው ላይ መስመር አለ፣ በዚህ በኩል ቀላ ያለ፣ በዛ በኩል ግራጫ። ጣና ሰፊ ነው እንጂ ጥልቅ አይደለም፣ በጣም ጥልቅ የሚባለው 14 ሜትር ገደማ ነው፣ ንፋስ ከታች ያለውን ደለል መልሶ ያነሳዋል። "መረቤ በፊት አሳ ነበር የሚይዝ፣ አሁን ጭቃና እምቦጭ ነው" አለን። እምቦጩ ጣና ላይ በ2004 ዓ.ም. መጀመሪያ ሲታወቅ የታየው በመገጭ አፍ አካባቢ ነው። ጭቃው ብቻ አመጣው አይባልም፣ አረሙ ከውጪ የገባ ነው፣ ግን ፎስፈረስ የሚባለው ንጥረ ነገር ሸክላ ላይ ተለጥፎ ነው የሚጓዘው፣ ከማሳ የታጠበው ማዳበሪያም የከብት ፍግም እዚህ ሲደርስ ለአረም ምግብ ነው። ግድብ ውስጥም እንዲሁ፣ ደለሉ የያዘው ፎስፈረስ በጋ ላይ አልጌ ያበቅላል፣ ያኔ ውሃው ቢጠራም የአፈር የአፈር ይሸታል። ቁጥር 6።

እሑድ ሐምሌ 14

ነገ መንገድ ነኝ። ስድስቱን ሃይላንድ መስኮት ላይ ደርድሬ አየኋቸው።

ቁጥር 5፣ የምንጯ፣ ከመጀመሪያውም የጠራች ናት፣ በጣም ቀለል ያለ የሻይ ቀለም አላት፣ እሱ የቅጠል ነው። ቁጥር 4 እና 3 ሥራቸው ላይ ጭቃ ተነባብሯል፣ በማስመሪያ ለካሁት፣ 3ቱ አራት ሴንቲ ሜትር ሊሞላ ነው፣ ከሥር አሸዋ፣ መሃል ደለል፣ ላዩ ላይ እንደ ቅባት የሚያንሸራትት ሸክላ። ከአራት ቀን በኋላም ከላዩ ያለው ውሃ ቀይ ነው። ቁጥር 6 የጣናው ገና አንድ ቀኑ ስለሆነ ምንም ማለት አይቻልም። የገረመኝ ቁጥር 2 ነው፣ የግድቡ። ሥሩ ላይ ምንም የለም ማለት ይቻላል፣ ግን አምስት ቀን ሙሉ ትንሽ እንኳን አልጠራም። መውረድ የሚችለው ሁሉ ግድቡ ውስጥ ወርዶ የማይወርደው ብቻ ነው ማጣሪያው ጋ የሚደርሰው። ቁጥር 1 የቤቱ ቧንቧ ሥሩ ላይ በጣም ስስ ቡናማ ክብ ነገር አለው፣ ላዩ ጠርቷል፣ ስለዚህ የሰኞው ድፍርስ ከፊሉ የመስመሩ ዝቃጭ ነበር፣ ተራራውን ሙሉ በሙሉ መክሰሴ ልክ አልነበረም።

ለአክስቴ አንድ ነገር ነገርኳቸው፣ ውሃ ስትመጣ የመጀመሪያውን ባልዲ ለልብስ ይተውት፣ የመጠጡን አንድ ሌሊት አስቀምጠው ከላዩ ብቻ ቀድተው ያፍሉት፣ ቤት የሚጨመረው ክሎሪንም ከጠራ በኋላ እንጂ ደፍርሶ እያለ አይጨመር፣ ጭቃው ክሎሪኑን ይበላዋል፣ ጀርሙም ቅንጣቱ ውስጥ ይደበቃል። ይሄን በደንብ ሰሙኝ። "እናቴም እንዲህ ታደርግ ነበር፣ አስተኝታ ከላዩ ነበር የምትቀዳ" አሉ።

ቁጥር 2 እና 3ን ይዤ ሄጄ ላብራቶሪ ላሳያቸው አስቤ ነበር። ጠዋት ተነስቼ መስኮቱን ሳየው አምስቱ ባዶ ሆነው ታጥበው ተደፍተዋል፣ አክስቴ ጤና አዳሙ ላይ ደፍተዋቸዋል፣ ጠርሙሱ ለዘይት ይጠቅማል አሉ። የምንጯን ብቻ አልነኳትም፣ ጠበል ናት ብዬ ስለነበር።